ከነቫቱ ስንት ነው?

«ዋጋ ስለጥፍ ቫቱን ልጨምር ወይስ ልተው? ደረሰኙ ላይስ እንዴት ልከፋፍለው?» ይላል አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አንባቢ።

ለመንገደኛ ደንበኛ የሚለጠፈው ዋጋ ከነቫቱ ይሁን። ሰው ኪሱን የሚያየው በመጨረሻው ቁጥር ነው። አንዳንድ ሬስቶራንት ሜኑው ላይ 400 ብር ይጽፋል። ከዚያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 506 ይሆናል። ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል ቢባልም፣ ደንበኛው የበላው የ400 ብር ምግብ ነበር።

ያለ ቫት የተለጠፈ ዋጋ ሌላም ጣጣ አለው። «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ለሚለው ድርድር በር ይከፍታል። ቫቱ ከዋጋው ተነጥሎ ስለሚታይ ገዢው ሊያስቀረው የሚችል ወጪ ይመስለዋል።

ድርጅት ሲገዛ ግን ነገሩ ይለያል። የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ የከፈለውን ቫት ከሚሰበስበው ላይ ስለሚያቀናንስ፣ ማወዳደር የሚፈልገው ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱም ይውጡ።

ለምሳሌ አንድ ጠረጴዛ በ18,000፣ አራት ወንበር እያንዳንዱ በ3,000 ሸጥክ እንበል። ሁለቱን በየመስመራቸው ከነብዛታቸው ጻፍ፤ ድምሩ 30,000 ነው። 2,000 ቅናሽ ካደረግህ ከቫቱ በፊት ቀንሰው፤ 28,000 ይቀራል። ቫቱ 4,200፣ ጠቅላላው 32,200 ይሆናል። ቅናሹን መጨረሻ ላይ ብትቀንሰው 30,000 ላይ 4,500 ቫት ታሰላለህ፤ ደንበኛው 32,500 ይከፍላል፣ ቅናሹም የት እንደገባ ግራ ይገባዋል። «የቤት ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር መዝጋትም አይረባም። አንድ ወንበር ቢመለስ ስንት ብር እንደሚመለስ ማን ያውቃል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከነቫቱ የተስማማበትን ዋጋ ወደ ዋናው ዋጋና ወደ ቫት ሲከፋፍል ነው። በቃል «30,000 ጨርሰናል» ተባብላችሁ ከሆነ ከ30,000 ላይ 15 በመቶ አትቁረጥ። 4,500 ቆርጠህ 25,500 ብታስቀር፣ የ25,500 ቫት 3,825 ብቻ ነው፤ ሲደመር 29,325። አልገጠመም። ትክክለኛው 30,000ን ለ1.15 ማካፈል ነው። ዋናው ዋጋ 26,086.96፣ ቫቱ 3,913.04 ይመጣል። ደምረው፣ 30,000 ይሰጥሃል።

ይህ ሁሉ ለቫት ለተመዘገበ ነጋዴ ነው። ካልተመዘገብክ ደረሰኝህ ላይ የቫት መስመር ሊኖር አይችልም። ገዢው «ቫት ያለው ደረሰኝ ካልሆነ አልቀበልም» ቢልህ እንኳ በራስህ 15 በመቶ ጨምረህ መሰብሰብ አትችልም፤ መጀመሪያ ተመዝገብ።