ሱቄ ከሞተ ቆየ፣ ፋይሉ ግን አለ

ሱቅ መክፈት ከባድ ነው የምትሉኝ፣ ለመዝጋት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?

የጽህፈት መሳሪያ ሱቄን የዘጋሁት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ኪራዩ ጨመረ፣ ገበያው ጠፋ፣ በቃ። ቁልፉን ለአከራዩ አስረከብኩ። ካሽ ሬጅስተሩን በካርቶን አድርጌ እህቴ ቤት አልጋ ስር ከተትኩት። የቫት ተመዝጋቢ ነኝ። ግን ሽያጭ ከሌለ ምን አሳውቃለሁ ብዬ ወርሃዊውን ተውኩት። ለሒሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ የምከፍላት 1,500 ብርም ተረፈችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ!

ሐምሌ ላይ የታክስ ዕዳ የለባትም የሚል ክሊራንስ ልጠይቅ ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቲን ቁጥሬን አስገባ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ታህሳስ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ከእያንዳንዱ ወር ጎን 10,000። 60,000 ብር!

"ወንድሜ፣ አንድ እርሳስ እንኳ አልሸጥኩም እኮ!"

"ገብቶኛል እህቴ። ቅጣቱ አለመሸጥሽን ስላላሳወቅሽ ነው።"

ቤት ገብቼ አዋጁን አነበብኩት። የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008። የሚከፈል ታክስ ባይኖርም፣ ሳያሳውቁ ላለፉት ለእያንዳንዱ የታክስ ጊዜ 10,000 ብር ይላል። ለቫት ደግሞ የታክስ ጊዜ ማለት ወር ነው። ሥራ ያቆመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ማሳወቅ አለበት። እኔ በር መዝጋት ማሳወቅ መስሎኝ! ምዝገባው እስኪሰረዝ ድረስ በየወሩ ዜሮ ማስገባት ነበረብኝ። ልጁ ግን ከቢሮው ሳልወጣ አንድ ደግ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ የሰኔው ማሳወቂያ ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ስለሆነ ገና አላለፈም። እዚያው ቆሜ በስልኬ ዜሮ አስገባሁ።

አሁን ደግሞ ማሽኑ። ቫቱ እንዲሰረዝ መጀመሪያ ማሽኑ ይሰረዝ አሉኝ። ለዚያ ደግሞ ማሽኑን የሸጠልኝ ድርጅት ቴክኒሻን ውስጡ ያለውን የሽያጭ መረጃ አንብቦ ማውጣት አለበት። ከአልጋ ስር ጎትቼ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ ወሰድኩለት። ሰካው። አልበራም። ስምንት ወር ሳይሰካ ተቀምጦ ባትሪው ሞቷል። "መጀመሪያ ይጠገን" አለኝ። ልጣለው ብዬ ባትሪ ልግዛለት?

ይሄ ሲያልቅ የቀረው ዕቃ ይጠየቃል። ስገዛ የከፈልኩትን ቫት ስላቀናነስኩ፣ ስሰረዝ በእጄ ያለው ደብተርና እስክሪብቶ እንደተሸጠ ተቆጥሮ 15 በመቶ ይታሰብበታል። ደብተሩን ለእህቴ ልጆች አድያለሁ። ደረሰኝ ቆርጠሽ ነበር ወይ ብትሉኝ እንጣላለን።

ንግድ ቢሮ ፈቃዴን ልመልስ ስል ክሊራንስ አምጪ ይላል። ክሊራንሱ ማሽኑን ይጠብቃል። ማሽኑ ባትሪ ይጠብቃል።

ሱቄ ዛሬ ጁስ ቤት ሆኗል። ትናንት በፊቱ ሳልፍ አቮካዶ ይፈጫል። እኔ ደግሞ ነሐሴ ሳያልቅ የሐምሌን ዜሮ ላስገባ።