ዝም ያለና ያኮረፈ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አምስት ነበርን። ወሬው የተነሳው ሁላችንም ከምናውቃቸው ባልና ሚስት ነው። እሷ የተሰማትን ወዲያው ትናገራለች። ስትደሰት ጎረቤት ይሰማል፤ ስትከፋም እንደዚያው። እሱ ደግሞ ሆዱን ለማንም አያሳይም። በቴሌግራም ረጅም ድምፅ ቀርጻ ትልክለታለች፤ መልሱ «እሺ» ነው።

የተጣሉት እንዲህ ነው። ባልየው ለወንድሙ 8 ሺህ ብር ላከ፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ማታ ስልኩ ላይ የባንክ መልእክት አየች። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «እነግርሽ ነበር» አለ። በዚያ አላበቃም። እናቷ ታመው ሳለ አለመደወሉን አነሳች። የፋሲካውን አነሳች። እሱ ወደ በረንዳ ወጣ፤ ተከተለችው። መኝታ ቤት ገባ፤ በሩ ላይ ቆማ «ተናገር እንጂ!» አለችው። ቁልፉን አንስቶ ወጣና ከምሽቱ 5 ሰዓት ተመለሰ። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ ከ«ምሳ አለ?» በቀር አልተነጋገሩም።

«እሱ እኮ ግድግዳ ነው» አለች የሚስትየው ጓደኛ። «እያለቀሰች ጥሏት ወጣ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።»

የባልየው ጓደኛ አላስጨረሳትም። «ልጁ ይተንፍስበት እንጂ! እሱ አንድ ቃል እስኪያስብ እሷ አሥር ትጨምርበታለች። ክፍል ለክፍል ተከትላ ስታባርረው የት ይሂድ?»

ቡና የምታፈላልን ትልቅ ሴት ናቸው። ስኒውን እያቀበሉ፣ «የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 31 ዓመት ስንኖር እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ግን ውሃ በሌሊት በሚመጣበት ጊዜ ሳይቀሰቅሰኝ ተነስቶ ጀሪካኑን ሁሉ ሞልቶ ይጠብቀኝ ነበር። ታዲያ ያ ምንድነው?»

«እሱስ ፍቅር ነው፣ እማማ» አለች የሚስትየው ጓደኛ። «ግን ጀሪካኑ 8 ሺህ ብሩ የት እንደሄደ አይነግርዎትም።»

እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «እውነትሽን ነው» አሉ።

እስከዚያ አፏን ያልከፈተችው ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ነበረች። «እሱ በረንዳ ላይ ሲወጣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀች። የሚስትየው ጓደኛ «ምንም! እንደ ድንጋይ» አለቻት።

«የፊቱን ተዉት» አለች ነርሷ። «አረፍ ብሎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባልና ሚስት እየተከራከሩ የልብ ምታቸውን ይለኩ ነበር። ጎትማን ምቱ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚሉትን መስማትም፣ መልስ ማሰብም ይከብደዋል ይላል። ዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ግድ ያጣ አይደለም። ውስጡ እየተናጠ ነው፤ ስሜትን ማፈን ፊትን እንጂ ልብን አያረጋጋም።»

ቀጥላ ስለ አንድ ሙከራ ነገረችን። ተመራማሪዎቹ ክርክሩን መሃል ላይ ያቋርጡና «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ እስክናስተካክል ስለ ጉዳያችሁ አታውሩ፣ መጽሔት አንብቡ» ይሏቸዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይተው ሲቀጥሉ ልባቸው ረግቷል፤ አነጋገራቸውም ሌላ ሆኗል። ጎትማን ቢያንስ 20 ደቂቃ እረፍት ያስፈልጋል የሚለው ለዚህ ነው።

የባልየው ጓደኛ ፊቱ በራ። «አላልኳችሁም? ይውጣ ማለት ነው!»

«ይውጣ» አለች ነርሷ። «ግን እነዚያ ሰዎች መጽሔት ነበር ያነበቡት። እየዞርክ ‹እንዲህ አለችኝ፣ እንዲህ ብዬ እመልስላታለሁ› እያልክ የምታብሰለስል ከሆነ ሁለት ሰዓትም አይበቃህም። ደግሞ እነሱ ክርክሩ እንደሚቀጥል ያውቁ ነበር። እሷ ምን ታውቃለች? በሩ ሲዘጋ ነው የሰማችው።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ተረጋጋ። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ሳስበው አመሸሁ። በቋንቋችን ዝም ማለትና ማኩረፍ አንድ አይደሉም። ዝም ያለ ሰው ቃል እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ያኮረፈ ሰው ግን ቃሉን አግኝቶ ነፍጎሃል። ችግሩ በሩ ወዲያ ማዶ ለቆመው ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት መስማታቸው ነው። እሷም በሩ ላይ የቆመችው የትኛው እንደሆነ ስላላወቀች ነው። ከአፏ የወጣው ግን ጥያቄ ሳይሆን ጩኸት ስለሆነ እሱ የበለጠ ሸሸ። እሱ በሸሸ ቁጥር እሷ ድምፅዋን ጨመረች። ሁለቱም የሚያደርጉት ለሌላው ምክንያት እየሆነ ሄደ።

«ጠባዩ ነው» የምንለውም ሁሉንም አይመልስም። አንድሪው ክሪስተንሰንና ክሪስቶፈር ሄቪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ማሳደድና መሸሽ አይተዋል። ለውጥ የምትፈልገው ሚስት በሆነች ጊዜ እሷ ታሳድዳለች፣ ባል ይሸሻል። ጉዳዩ የባል ሲሆን ግን ያ ልዩነት እንደዚያ አልታየም። የኛው ዝምተኛም ወንድሙ ገንዘቡን ሳይመልስ ሲቀር ሚስቱን ቀድሞ እንደሚያወራት አልጠራጠርም። በዚያ ማታ ለውጥ የምትፈልገው እሷ ነበረች፤ እሱ ነገሩ እንዲሁ ቢያልፍለት ደስ ይለዋል። ዝም ማለት ደግሞ እንዲሁ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ስለዚህ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። የወጣው ሰው ሰዓት ቆርጦ ይውጣ። «አሁን መናገር አልቻልኩም። 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ስለ ብሩ እናወራለን።» ይህን ለማለት አንደበተ ርቱዕ መሆን አያስፈልግም። በሰዓቱ ይምጣ፤ ንግግሩንም እሱ ይጀምር። እሷ ጠርታው ከመጣ ያው ማሳደድ ነው። አፉ አልፈታ ካለ ሲራመድ ሁለት መስመር ስልኩ ላይ ይጻፍና እሱን ያንብብላት። ወንድሙን እምቢ ማለት አፍሮ እንደሆነ፣ ለእሷ መንገር ደግሞ ፈርቶ እንደሆነ፣ ያንን ብቻ ቢጽፍ ከ«እሺ» ብዙ ይርቃል።

እሷም ሰዓቱ እስኪደርስ በሩን ትተው። በቴሌግራምም አትከተለው፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ልቡ አይረጋም። ሲመለስ የብሩን ብቻ ታንሳ። የፋሲካው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላ ቀን ይነሳ። ሦስት ነገር ባንዴ ሲመጣበት የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅምና ሁሉንም ይተዋል። ስሜትሽን ቀንሺ ግን አልላትም። እሷ ባትናገር ኖሮ ያ ቤት ውስጥ ስለ ገንዘቡ የሚያወራ ሰው አይኖርም ነበር።

ከልብ የምቆጣው በአራቱ ቀን ነው። የመጀመሪያው ማታ ልቡ ይመታ ነበር እንበል። በማግስቱ ግን ተኝቶ ተነስቷል፣ ሥራ ውሏል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ስቆ አውርቷል። እቤት ሲገባ ዝም ያለው በጠባዩ ምክንያት አይደለም። ያ ኩርፊያ ነው፤ እየቀጣት ነበር። ለዚያ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ በቃል፣ እሷ በምትሰማው መንገድ።