ማሳወቅን ይመለከታል

ቅጥርና ሹመትን ለሠራተኛው ሁሉ የሚያበስሩልን የአስተዳደር ሰዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ በአንድ ቡና ማበጠሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈችው ደብዳቤ ደግሞ አቻ የላትም። «ጉዳዩ፦ ማሳወቅን ይመለከታል» ትላለች። ምን እንደምታሳውቅ በርዕሷ ብትናገርማ ማን እስከ መጨረሻው ያነባታል? ቀጥላም «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ቁጥሩና ቀኑ በተጠቀሰው ደብዳቤ መሠረት፣ አቶ እገሌ በተመደቡበት የሥራ መደብ ላይ የተመደቡ መሆኑን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እናሳስባለን» ትላለች። የሥራ መደቡ የት ተጻፈ? በተጠቀሰው ደብዳቤ። ደብዳቤውስ የት አለ? በግል ማኅደራቸው። ማኅደሩስ? በተቆለፈ ካቢኔ ውስጥ። ቁልፉ በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እጅ ነው፤ እርሷም የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። መደቡን የዘነጋችው ይህች ደብዳቤ፣ የተሿሚውና የሒሳብ ክፍሉ ጉዳይ ብቻ የሆነውን ደመወዝ ግን ከነእርከኑ አስፍራዋለች። የቀረው ገጽ ግልባጭ ነው፤ ለጥበቃ፣ ለስምሪት፣ ለንብረት ክፍልና ለክበብ ሳይቀር።

አቶ እገሌ የመጋዘን ኃላፊ መሆናቸው የታወቀው፣ ከአጋሮ ቡና ጭኖ የመጣ ሹፌር የመረከቢያ ሰነዱን የሚፈርምለት አጥቶ በር ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በማን ቦታ፣ ለማን ተጠሪ ሆነው፣ የትኛውን ሰነድ እንደሚፈርሙና እስከዚያ ቀን ድረስ ማን እንደሚፈርም መጻፍ አምስት መስመር አይሞላም። ለዓመታት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲመሩ ቆይተው መምጣታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢታከል ደግሞ፣ መጋዘን ውስጥ የሚያገኛቸው ሁሉ ከ«እንኳን ደህና መጡ» ቀጥሎ የሚላቸው ነገር በኖረው ነበር። እንዲህ ያለው ግልጽነት ግን ለማዕረጋችን አይመጥንም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ያንኑ ቦታ በተጠባባቂነት ይዛ የቆየች፣ ተወዳድራም ውጤቷን ስትጠብቅ የነበረች ሴት፣ ማለፏንም መውደቋንም ማንም ሳይነግራት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተጋፍታ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የደመወዝ እርከን ገመተችው። ደብዳቤው ከመለጠፉ በፊት ቢሮ ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ያልተመረጠችበትን ምክንያት መንገር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ያልሠራ ኃላፊ ረሳሁ አይበለን፤ ፊቷን ማየት ፈርቶ ሰሌዳውን ልኮባታል። ስሟ በደብዳቤው ላይ የለም፤ እስከዚያ ቀን መጋዘኑን የያዘ ሰው እንዳልነበረ ሁሉ ምስጋናም አልተጻፈላትም።

ለወደፊቱ ሹመት ግን አንድ ትሑት ማሻሻያ አለኝ፤ ከግልባጮቹ አንዱ ለራሳቸው ለተሿሚው ይድረስ። አቶ እገሌ መሾማቸውን የሰሙት ከአጋሮው ሹፌር ነው።