የሚጮኸውን ተዉት፣ ዝም ያለውን እዩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ጨካኞች ስለሆናችሁ አይደለም። ግጭት ሲደርስ ሥራችንን ጥለን የምንሮጥ ሰዎች ነን። የሚያስቆጣኝ ከደረስን በኋላ የምንሠራው ነው።

የመጀመሪያ ህክምና እርዳታ አስተምራለሁ። አንድ ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ ደብል ጋቢና ፒካፕ እና ሞተር ሳይክል ተጋጭተው ደረስኩ። ሞተረኛው አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ ጭኑን ይዞ ይጮኻል። ሃያ ሰው ከቦታል። አንዱ ውሃ ይዟል፣ ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። ፒካፑ ውስጥ ሹፌሩ ቀበቶውን እንዳሰረ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። እሱ ጋ ማንም የለም። አንድ ልጅ በመስኮት አይቶት ተመለሰና «እሱ ደህና ነው፣ ተኝቶ ያንኮራፋል» አለ።

ያ ልጅ ክፋት የለበትም። ግን እባካችሁ ይህችን አንዲት ነገር ያዙ፦ ከግጭት በኋላ ማንኮራፋት እንቅልፍ አይደለም፣ መታፈን ነው። ሰው ራሱን ሲስት ጡንቻው ሁሉ ይላላል። ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና ጉሮሮውን ይዘጋል። አንገቱ ከታጠፈ ደግሞ ይብሳል። የሚሰማው ድምፅ በጠባብ ቀዳዳ የምታልፍ ጥቂት አየር ናት። እሷም ስትቋረጥ ድምፁ ይጠፋል፣ እኛም «ተረጋጋ» እንላለን። አንጎል አየር ካጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ በዚያ ፍጥነት የሚደርሰው ስንት ጊዜ ነው?

የሚጮኸው ሰው ግን ለመጮህ አየር አስገብቷል፣ አስወጥቷል። አንጎሉም ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሂዱ። ከዚህ የማያንስ አጣዳፊ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የሚፈነጥቅ ወይም መሬት ላይ የሚጠራቀም ደም። እሱም ሰውን በደቂቃዎች ይገድላል።

ሞተረኛው በትክክል እንዲያ ነበር የሚደማው። ስለዚህ ሥራ አከፋፈልኩ። «አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ» ብትሉ ማንም አይደውልም፣ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። ጣታችሁን ቀስራችሁ «አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ፣ ደውል» በሉ። ቦታውን፣ የተጎጂዎቹን ቁጥር፣ ራሱን የሳተ መኖሩን ይናገር፣ እነሱ ሳይዘጉ ስልኩን አይዝጋ። ሁለት ሰዎች መኪና በሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ ብለው፣ ከመንገዱ ዳር ሆነው እንዲያስቆሙ ላክኋቸው። አንዱ የፒካፑን ሞተር አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። አንድ ጠንካራ ወጣት ደግሞ እጁን በፌስታል ሸፍኖ፣ የታጠፈ ነጠላ የሞተረኛው ቁስል ላይ አድርጎ እንዲጫን ነገርኩት።

ከዚያ በኋላኛው በር ገብቼ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ከጆሮዎቹ በላይ ያዝኩ። ቀስ አድርጌ፣ ሳልጠመዝዝ፣ ፊቱ ፊት ለፊት እስኪያይ ቀና አደረግሁት። ማንኮራፋቱ ቆመ። ጆሮዬን አስጠግቼ ትንፋሹን ሰማሁ፣ ደረቱም ከፍ ዝቅ ይላል። የሠራሁት ይኸው ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ እጄን አላነሳሁም።

በዚህ መሃል ሦስት ሰዎች በሩን ከፍተው «እናውጣው!» አሉ። አንዱ ክንዱን ይዟል። ተዉ አልኳቸው፣ ለእናንተም እላለሁ፦ ተዉ! የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ በክንድ መጎተት ሕብለ ሰረሰሩን ሊቆርጠውና ሰውዬውን ዕድሜውን ሙሉ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚወጣው መኪናው እሳት ከያዘ፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ወይም ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ መተንፈስ ካቃተው ነው። ያኔም አንድ ሰው ጭንቅላቱን ብቻ ይይዛል፣ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ወገቡንና እግሩን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የሚቆጥረውም ጭንቅላት የያዘው ነው። ሰውነቱ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀስ።

መሬት ላይ በጀርባው የተኛ ቢሆንስ? ከራስጌው ተንበርከኩ። ከጆሮው ሥር ያለውን የመንጋጋውን ማእዘን በሁለቱም በኩል በጣቶቻችሁ ይዛችሁ መንጋጋውን ብቻ ወደ ላይ ግፉት። ምላሱ አብሮ ይነሳል፣ አንገቱ ግን አይንቀሳቀስም። ይህ ካልሠራ ግንባሩን ይዛችሁ አገጩን ቀና አድርጉ። አንገቱስ ትሉኛላችሁ። አየር ከአንገት ይቀድማል። ካስመለሰው ወይም አፉ ደም ከሞላ፣ ጭንቅላቱንና ገላውን አንድ ላይ አድርጋችሁ በጎኑ አዙሩት። የሞተረኛን ሄልሜትም እየተነፈሰ ከሆነ አታውልቁ።

አሥር ሰከንድ አይታችሁ ትንፋሽ ከሌለ፣ ወይም እንደ ዓሣ አልፎ አልፎ ብቻ አፉን የሚከፍት ከሆነ፣ ያ መተንፈስ አይደለም። ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙትና የደረቱን መሃል በሁለት እጅ ተጫኑ። ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።

አሁን ወደ ሞተረኛው ልመለስ። ጩኸቱ ቆመ። የከበቡት ሰዎች «ተሻለው» አሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ከመኪናው ሆኜ ስጣራ፣ ደሙን የሚጫነው ልጅ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ እያየ ነው። በየደቂቃው ነበር የሚያየው! ደም የሚረጋው ሳይነካ ሲቆይ ነው። በገለጣችሁ ቁጥር የረጋው ይቀደዳል፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በክንዳችሁ ሳይሆን በሰውነታችሁ ክብደት፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ በሰዓት እያያችሁ ተጫኑ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡና ጠንከር አድርጉ። የተሰካ ብረት ወይም መስታወት ካለ አትንቀሉ፣ ግራና ቀኙን ተጫኑ።

ልጁ እንደገና ተጫነ፣ ደሙ ግን አልቆመም። ስለዚህ ከቁስሉ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጭኑን በሰፊ ቀበቶ መሰል ጨርቅ እንዲያስሩት ነገርኳቸው። መጋጠሚያ ላይ አይታሰርም። ቀጭን ገመድም አይሆንም፣ ሥጋ ይቆርጣል። ቋጠሮው ላይ ዱላ አስገብተው ደሙ እስኪቆም አጠነከሩት። ሞተረኛው በሕመም ጮኸ። አንዲት ሴት «ኧረ አላሉት!» አለች። መላላት የለበትም። አንዴ ከታሰረ ሐኪም ብቻ ነው የሚፈታው። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉት።

ፊቱ ነጥቶ ቀዝቃዛ ላብ አልቦት ነበር። በጃኬት ሸፈኑት፣ የበረደው ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም። ውሃ ስጡኝ ብሎ ለመነ። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ነካንለት እንጂ አላጠጣነውም። ራሱን ቢስት ሊያስመልሰውና ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ቀዶ ጥገና ካስፈለገውም ያስቸግራል። መከልከሉ ያሳዝናል። ያ ውሃ የያዘው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጠርሙሱን ወደ ኋላው ደበቀ።

አምቡላንሱ ሲደርስ የሹፌሩን ጭንቅላት እንደያዝኩ «ራሱን ስቶ ነበር፣ ሲያንኮራፋ አገኘሁት፣ አሁን ይተነፍሳል» አልኩ። ባለሙያው ከጎኔ ገብቶ እጁን ከእጄ ሥር እስኪያስገባ ድረስ አልለቀቅኩም። ሞተረኛው ጋ ያለው ልጅም የታሰረበትን ሰዓት ነገራቸው።