ተካክሰው የሚያልፉ የበጀት ስህተቶች

«ጋሼ፣ ኤክሴል ራሱ እየደመረልኝ ቼክሊስት ምን ያደርግልኛል?»

ኤክሴል የሰጡትን ነው የሚደምረው። ሁለቴ ከሰጡት ሁለቴ ይደምራል፤ የረሱትን ደግሞ አያስታውስም።

ጠያቂው እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ ትንሽ ማኅበር ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ነው። የያዘው በጀት ለ30 አትክልት ነጋዴ ሴቶች የሚሰጥ የ3 ቀን ሥልጠና ነው። 20ዎቹ የከተማችን ሴቶች ናቸው፤ 10ሩ ከሐረር ይመጣሉ። በጀቱ ለጋሹ ዘንድ የሚገባው በማግስቱ ነበር። ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ከፈትን። አዳራሽ 24,000፣ ምሳና ሻይ 54,000፣ አበል 63,000፣ ትራንስፖርት 15,000፣ የአሠልጣኞች ክፍያ 24,000፣ የጽሕፈት መሣሪያ 9,000። ከሥር ጠቅላላ 165,000 ብር ይላል።

በስልኬ ካልኩሌተር ከታች ወደ ላይ ደመርኩት። 189,000 መጣ።

24,000 ብር የት ገባ? የአሠልጣኞቹ ክፍያ ላይ ልጁ በእጁ «24,000 ብር» ብሎ ጽፏል። «ብር» የምትለዋ ቃል ስትገባ ኤክሴል ነገሩን እንደ ጽሑፍ ያየዋል፤ SUM ደግሞ ምንም ሳይናገር ዘሎት ያልፋል። ልብ ብሎ ላየው ምልክት አለው። ሌሎቹ ቁጥሮች ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፣ ይቺ ብቻ ወደ ግራ። በዓይን ማመን ካልፈለጉ ይህን መጻፍ ነው፦

```
=COUNT(F2:F7)
```

መስመሩ 6 ሆኖ መልሱ 5 ከመጣ አንዱ ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ይሄ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ሁለቴ የተቆጠረው ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። አበሉ 30 ሰው በ3 ቀን በ700 ብር ተባዝቷል። 700 ብሩ ምሳን፣ እራትንና መኝታን ይጨምራል። ምሳው ግን በሌላ መስመር ተከፍሏል። ደግሞ የሳቢያንና የገንደ ቆሬ ሴቶች ማታ ቤታቸው ነው የሚያድሩት፣ ምን መኝታ ያስፈልጋቸዋል? ስለዚህ አበሉን ለ10ሩ እንግዶች ብቻ አስቀረነው። የምሳውን ድርሻ ቀንሰን በ550 ብር ለ3 ሌሊት ስናሰላው 16,500 ሆነ። 46,500 ብር ወረደ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ይህ ክፍያ ምን ምን ይሸፍናል?» ነው። መልሱ ከጎኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ሁለት መስመር ላይ «ምሳ» የሚል ቃል ከወጣ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው።

የተረሳ ወጪ ግን በጀቱን መቶ ጊዜ ቢያነቡት አይገኝም። የሌለ መስመር ምን ይታያል? የድርጊት መርሐ ግብሩን አውጥቶ ሥራ በሥራ «ይሄ የት ተከፍሏል?» ማለት ያስፈልጋል። መርሐ ግብሩ «ከ3 ወር በኋላ የመስክ ክትትል» ይላል፤ በጀቱ ላይ ግን ምንም የለም። ነዳጅና አበሉ 12,000 ብር መጣ። ፕሮፎርማውን ሳየው ደግሞ የአዳራሹም የምሳውም ዋጋ ያለ ቫት ነው። 15 በመቶው 11,700 ብር ነው። ውኃም አልነበረም። በድሬ ሙቀት 30 ሰው ያለ ውኃ ሊሰበሰብ! በቀን ሁለት ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱ በ25 ብር፣ 4,500 ብር።

አዲሱ ድምር 170,700 ሆነ። ከመጀመሪያው የሚለየው በ5,700 ብር ብቻ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የተዘለለው 24,000፣ የተደገመው 46,500ና የተረሳው 28,200 እርስ በርስ ተካክሰው ጠቅላላውን ደህና አስመስለውታል። «ድምሩ ካምናው ጋር ይቀራረባል» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ሦስቱንም አያገኛቸውም። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ግን አበሉ ሲተርፍ የክትትሉ ነዳጅ ይጠፋል፤ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ለማዛወር ደግሞ ደብዳቤና ልመና ነው።

የራይት ምልክት የሚደረግበትን ቼክሊስት አልወደውም። እጅ ይለምደውና ሳያዩ ራይት ራይት ይሆናል። ቁጥር የሚያስጽፍ ይሁን፦ COUNT ስንት አለ? በካልኩሌተር ስንት መጣ? ከመርሐ ግብሩ ሥራዎች ስንቱ መስመር አላቸው? የሚሞላው ደግሞ በጀቱን ያልሠራ ሰው ነው። የሠራው ሰው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው የሚያነበው። ዋጋው ራሱ የተጋነነ ወይም የቆየ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይይዘውም፤ እሱ ገበያ ወጥቶ መጠየቅ ይፈልጋል።

ልጁ ማታውኑ አስተካክሎ ለአስተባባሪዋ ሰጣት። እሷ ሒሳብ አልተማረችም። መርሐ ግብሩን አንብባ «ልጅ ያዘሉት ሲመጡ ሕፃኑን ማን ይይዛል?» አለች። እኛ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን አላሰብነውም። አሁን በቼክሊስቱ ላይ አንድ መስመር ሆኗል።