ለአዲስ አድማጭ ሲባል ምን ይቀየር? የቶኒ ቤኔት ሁለት ሙከራዎች

«ሃያ ዓመት ዘፍኛለሁ፤ የሚያውቁኝ ግን አብረውኝ ያደጉት ናቸው። አሁን ወጣቶችም እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። የቆዩት አድማጮቼ ደግሞ ‹ተለወጠብን› ብለው እንዳይርቁኝ እፈራለሁ። ምን ልቀይር? ስሜን? ዘፈኔን? አለባበሴን?» የቆየ ድምፃዊ ጥያቄ ይህ ነው።

አሜሪካዊው ድምፃዊ ቶኒ ቤኔት ይህን መንገድ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ሞክሮታል። የመጀመሪያው ሊያጠፋው ነበር፤ ሁለተኛው ግን የልጅ ልጆቹ ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ዘንድ አደረሰው። ድምፃዊው ያው፣ ችሎታውም ያው ስለሆነ ሁለቱን ሙከራዎች ጎን ለጎን ማየቱ ምን መንካት እንደሚቻልና ምን መንካት እንደማይቻል ከየትኛውም ምክር በላይ ያሳያል።

ቤኔት በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ሳን ፍራንሲስኮ በዘፈነው ዘፈን ስሙ ገነነ። የሚታወቀው የቆዩና የተመረጡ ዜማዎችን በትንሽ የጃዝ ባንድ ታጅቦ፣ እያንዳንዱን ቃል እያጣጣመ በመዝፈን ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ግን ሮክ ገበያውን ጠራርጎ ወሰደው። አሳታሚው ኮሎምቢያ፣ በወቅቱ በክላይቭ ዴቪስ ይመራ የነበረው ማለት ነው፣ የቆዩ ድምፃውያኑን የጊዜውን የወጣት ዘፈኖች እንዲዘፍኑ መገፋፋት ጀመረ። ቤኔትም በ1970 የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈኖች የሰበሰበ አልበም አወጣ። ከቀረጻው በፊት ሆዱ ተገላብጦ እንዳስመለሰው በኋላ ራሱ ተናግሯል። አልበሙን የሚገዛ አልተገኘም። ወጣቱ እነዚያን ዘፈኖች ከራሳቸው ባለቤቶች መስማት ይችል ነበር፤ የቆየው አድማጭ ደግሞ ቤኔትን የሚሰማው ከእነዚያ ዘፈኖች ለመሸሽ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉትን አላገኙም። ብዙ ሳይቆይ ድምፃዊውና ኮሎምቢያ ተለያዩ።

በ1979 ቤኔት የአሳታሚ ውል የሌለው፣ የግብር ዕዳ የተቆለለበት፣ በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዳ ሰው ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጁ ዳኒ ሥራውን የተረከበው። የዳኒ ውሳኔ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። አባቱን አንዲት ኖታ እንኳ እንዲቀይር አልጠየቀውም። ዘፈኑ ያው፣ ሱፉና ክራቫቱ ያው፣ ፒያኒስቱም ለረጅም ዓመታት አብሮት የሠራው ራልፍ ሻሮን። የተቀየረው የሚታይበት ቦታ ነው። ወጣቶች በሚያመሹበት የዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። በ1990 «ዘ ሲምፕሰንስ» በተሰኘው የካርቱን ተከታታይ ውስጥ የራሱን ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ በራሱ አዘፋፈን ዘፈነ። በ1993 ኤምቲቪ በተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሽልማት ምሽት ከሮክ ባንዱ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ አባላት ጋር መድረክ ላይ ታየ። በ1994 ደግሞ እዚያው ኤምቲቪ ላይ «አንፕላግድ» የተባለውን ዝግጅት ሠራ።

ይህ የመጨረሻው ምርጫ ሊጤን ይገባል። «አንፕላግድ» የሮክ ባንዶች የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን አስቀምጠው በአኩስቲክ መሣሪያ የሚጫወቱበት መድረክ ነው። ለሌሎቹ ይህ ለውጥ ነበር። ቤኔት ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ተመልካች የለመደውን መድረክ ከፍቶ ሲያይ፣ በዚያ መድረክ ላይ ከማንም በላይ ቤቱ የሆነለትን ሰው አገኘ። የቆየው አድማጭም ቴሌቪዥኑን ቢከፍት የሚያውቀውን ቤኔት ነው የሚያየው። የዝግጅቱ አልበም በማግስቱ ዓመት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ። ሰውየው ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነበር።

ለዚህ ነው «ምን ልቀይር?» ከማለት በፊት «ሰው እኔን ሲሰማ የሚይዘው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። መልሱን ድምፃዊው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የሚኮራበት ቅንብሩ ሊሆን ይችላል፤ አድማጩ የወደደው ግን ግጥሙን ነው። ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ሥራ አለ። በብዛት የተሰሙ ሦስት ዘፈኖችን መርጦ ዩቲዩብ ላይ ከሥራቸው የተጻፉትን መቶ ሁለት መቶ አስተያየቶች ቁጭ ብሎ ማንበብና በየረድፉ መለየት ነው፤ ስለ ድምፁ የሚያወሩ፣ ስለ ግጥሙ የሚያወሩ፣ ስለ ምቱ የሚያወሩ፣ ዘፈኑ የራሳቸውን ትዝታ እንደቀሰቀሰባቸው የሚጽፉ። አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ በግልጽ ይረዝማል። ያ ረድፍ አይነካም። ከእሱ ውጭ ያለው፣ ምቱም ይሁን መሣሪያው፣ የአልበሙ ሽፋንም ይሁን አለባበሱ፣ ለሙከራ ክፍት ነው። የብዙዎች ስህተት የሚጀምረው በተቃራኒው ነው፤ ልብሱንና ሽፋኑን እንደ ቅርስ ይጠብቁና ግጥሙን ለሌላ ሰው አሳልፈው ይሰጣሉ።

ከወጣት ድምፃዊ ጋር በጋራ መሥራት ዛሬ ሁሉም የሚመክረው መፍትሔ ነው። እኔም አልቃወመውም፤ ግን ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ካልተወሰነ የ1970ውን አልበም መድገም ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ጥሩውን ምሳሌ የሠራው ያው ክላይቭ ዴቪስ መሆኑ ነው። ከቤኔት አልበም 29 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ጊታሪስቱን ካርሎስ ሳንታናን ከሮብ ቶማስና ከሎሪን ሂል ከመሳሰሉ ወጣቶች ጋር አገናኘው። የአልበሙ ግማሽ ገደማ ሳንታና ከባንዱ ጋር ድሮም ይሠራው የነበረ ዓይነት ሙዚቃ ሆነ፤ በቀረው ግማሽ እንግዶቹ ዘፈኑ፤ ጊታሩ ግን ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ የማንም ሳይሆን የሳንታና ነው። ከሮብ ቶማስ ጋር የሠራው ዘፈን በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ሳንታናም በአንድ ምሽት 8 ግራሚ ወሰደ። በ1970 ቤኔት ወደ ወጣቶቹ ዘፈን ሄደ፤ በ1999 ወጣቶቹ ወደ ሳንታና ጊታር መጡ። ቤኔትም ራሱ በ2014 ከሌዲ ጋጋ ጋር ሲሠራ እሷ ናት ወደ ጃዝ ዜማዎቹ የመጣችው፤ እሱ ወደ ዳንስ ሙዚቃዋ አልገባም።

በስቱዲዮ ውስጥ ይህን መለየት አይከብድም። የጋራው ዘፈን ላይ የእንግዳውን ድምፅ ዘግታችሁ ስሙት። የቆየው አድማጭ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች «ይሄ እኮ እሱ ነው» ካለ ዘፈኑ ደህና ነው። ካላለ፣ ባለቤቱ በራሱ ዘፈን ላይ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው።

ስም መቀየርን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ለቆየ ድምፃዊ አይሆንም። በ1999 በካንትሪ ሙዚቃ እጅግ ብዙ አልበም የሸጠው ጋርዝ ብሩክስ ክሪስ ጌንስ የሚባል የፈጠራ ሮከር ሆኖ፣ ዊግ አድርጎ፣ ለዚያ ሰው የፈጠራ የሕይወት ታሪክ ጽፎ አልበም አወጣ። ስለዚያ የፈጠራ ሰው ታስቦ የነበረው ፊልም ከነጭራሹ አልተሠራም። አልበሙ ጨርሶ ያልተሸጠ አልነበረም፤ ከውስጡ አንድ ዘፈን በአሜሪካ ሰንጠረዥ እስከ 5ኛ ደርሷል። ያም ሆኖ በሥራው ዘመን እንደ ስህተት ነው የሚታወሰው። ሙዚቃው መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም። አድማጩ ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት «ይሄ ማነው? ለምን?» የሚል እንቆቅልሽ እንዲፈታ ተጠየቀ። በብሩክስ ስም ወጥቶ ቢሆን ኖሮ «ጋርዝ ሌላ ነገር ሞከረ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ስም መቀየር ሌላም ጉዳት አለው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ድምፃዊ አዲስ ዘፈን ሲያወጣ በየሳምንቱ ዓርብ በሚታደሰው የአዳዲስ ዘፈኖች ዝርዝር አማካይነት ለተከታዮቹ ይደርሳል። አዲስ ስም ያለ ተከታይ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሃያ ዓመት የተሰበሰበው ሕዝብ ዘፈኑ መውጣቱን እንኳ አይሰማም። ስሙን ማቆየት ግን የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አዲሱን ዘፈን መጀመሪያ የሚሰሙት የቆዩት ተከታዮች ናቸው። አንድ ዘፈን እንደ ተሰማ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ባዕድ ሆኖባቸው በአሥረኛው ሰከንድ ቢያልፉት አይቆጠርም፤ መታለፉም ዘፈኑን ለሌሎች ለማቅረብ ጥሩ ምልክት አይሆንም። ስለዚህ ከአዲሱ ሥራ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ነጠላ ዜማ በጣም አዲስ የሆነው መሆን የለበትም። ከአሮጌው ጋር በአንድ እግሩ የቆመው ይቅደም፤ ሩቅ የሄደው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይውጣ። ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ ለስፖቲፋይ የፕሌይሊስት አዘጋጆች ከቀረበ ደግሞ፣ ድምፃዊውን ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች በሚሰሟቸው ፕሌይሊስቶች ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኛል።

ከወጣ በኋላ የሚታየው ጠቅላላው የእይታ ቁጥር ብቻ ከሆነ ሰው ይሳሳታል። ዩቲዩብ ለባለቤቱ አዲስና ተመላልሰው የመጡ ተመልካቾችን ለይቶ ያሳያል፤ ዕድሜያቸውንም እንዲሁ። አዲሶቹ እየበዙ ተመላላሾቹ ቁጥራቸው ካልቀነሰ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው። አዲሶቹ መጥተው አንዱን የጋራ ዘፈን ብቻ ሰምተው ከሄዱና የድሮዎቹ ዘፈኖች መሰማት ካልጨመረ፣ የመጡት ለእንግዳው ነበር። ተመላላሾቹ እየቀነሱ ከሄዱ ደግሞ የማይነካው ረድፍ ተነክቷል፤ ቀጣዩን ዘፈን ከማውጣት በፊት ወደዚያ የአስተያየት ንባብ መመለስ ያስፈልጋል።

አንድ ነጠላ ዜማ ግን ይህን ሁሉ አይናገርም። ቤኔት ከልጁ ጋር ሆኖ ወደ ኮሎምቢያ የተመለሰው በ1986 ነው። ወጣቱ በኤምቲቪ «አንፕላግድ» እስኪያገኘው ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያዜመው ያንኑ የሚያውቀውን ሙዚቃ ነበር።