አረፋ ወር ሲቀይር ግንቦትን ከግንቦት ማወዳደር

በጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የልብስ መደብር በግንቦት 2016 ዓ.ም. 675 ፍሬ ልብስ ሸጠ እንበል። በግንቦት 2017 ደግሞ 843 ፍሬ። ባለቤቱ ደብተሩን ዘግቶ «ከአምናው በ25 በመቶ አድገናል» ቢል ሒሳቡ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ያው ደብተር በትክክል ሲነበብ ሽያጩ በ7 በመቶ መውረዱን ያሳያል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የበዓላቱ ቀኖች ግን እውነተኛ ናቸው፣ ስህተቱም የመጣው ከእነሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አረፋ የዋለው ሰኔ 9 ነበር። በ2017 ግን ግንቦት 29 ዋለ። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሳባል፤ በዚያ ዓመትም የወር ድንበር ተሻገረ። ልብስ የሚገዛው ደግሞ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ነው። ስለዚህ በ2016 የአረፋ ግዢ የተመዘገበው ሰኔ ላይ ሲሆን በ2017 ግንቦት ላይ ነው። ግንቦትን ከግንቦት ያወዳደረ ሰው የበዓል ሰሞንን ከተራ ሰሞን ጋር አወዳድሯል። ይኸው ሰው በቀጣዩ ወር ሰኔን ከሰኔ ሲያስተያይ ሽያጩ ያሽቆለቆለ ይመስለዋል፤ በግንቦት የቀጠረውን ሠራተኛ በሰኔ ሊያሰናብት ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ወሩን ትቶ ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከአረፋ ዋዜማ ጀምሮ ወደ ኋላ ሰባት ሰባት ቀን እየቆረጡ ሦስት ሳምንት መያዝ፣ ከዚያ በዓሉ የዋለበትን ቀንና ተከታዮቹን ስድስት ቀናት እንደ አራተኛ ሳምንት መጨመር። በ2016 የመጨረሻው የግዢ ሳምንት ከሰኔ 2 እስከ ሰኔ 8 ነው፤ በ2017 ከግንቦት 22 እስከ ግንቦት 28። በምሳሌያችን መደብር በ2016 አራቱ ሳምንታት በቅደም ተከተል 150፣ 190፣ 410 እና 80 ፍሬ ሸጡ፤ ድምሩ 830። በ2017 ደግሞ 140፣ 175፣ 380 እና 75፤ ድምሩ 770። ቅናሹ 60 ፍሬ ወይም 7 በመቶ ነው። አራቱም ሳምንታት ከአቻቸው ትንሽ ትንሽ ማነሳቸው ደግሞ የአንድ ቀን አጋጣሚ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

አንድ ሳምንት ብቻ ለይቶ ከማወዳደር አራቱን መደመር የሚሻልበት ምክንያት አለ። በጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። በ2017 የአረፋ ዋዜማ ራሱ ሐሙስ ላይ ስለዋለ ሁለቱ ግርግሮች በአንድ ቀን ተደራረቡ። በ2016 ግን በዓሉ እሑድ ስለነበር የገበያው ቀን ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ አለፈ። የገጠሩ ሸማች የመጨረሻ ግዢውን የሚፈጽመው ገበያ በወጣበት ሐሙስ ነውና፣ የሐሙሱ ቦታ ሲቀየር ሽያጩ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው ይሸጋሸጋል። ድምሩ ይህን መሸጋሸግ ይውጠዋል።

ሐሙስ በተራ ወራትም ያሳስታል። ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ለሒሳብ ይመቻል ይባላል፤ ግን 30 ቀን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው፣ እነዚያ ሁለት ትርፍ ቀናት ሐሙስን ይዘው ሊመጡ ወይም ላይመጡ ይችላሉ። ታኅሣሥ 2017 አራት ሐሙስ ነበረው፤ ታኅሣሥ 2018 ግን አምስት። በሐሙስ የተራ ቀን ሦስት እጥፍ የሚሸጥ መደብር ምንም ሳይለወጥ ታኅሣሡ «አደገ» ይለዋል። ለዚህ ነው የዓመት ንጽጽር በቀን ቁጥር መሠራት የሌለበት። 52 ሳምንት ወይም 364 ቀን ወደ ኋላ ከተቆጠረ ሐሙስ ከሐሙስ ጋር ይገጥማል። በደብተር ላይ አሠራሩ ቀላል ነው፤ የዘንድሮውን ቀን ይዞ በአምናው ገጽ ላይ አንድ ቀን ወደ ፊት መሄድ። ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 የሚወዳደረው ከታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ጋር ነው። በመካከል ጳጉሜ 6 ካለች ፈረቃው ሁለት ቀን ይሆናል፤ የሚቀጥለው ይህ ዓይነት ዓመት 2019 ነው።

ታዲያ ከባለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም ወይ? አለው፣ ግን ለዕድገት መለኪያ አይደለም። በምሳሌያችን መደብር በ2017 ከመጨረሻው የግዢ ሳምንት ወደ ቀጣዩ ሳምንት ሽያጩ ከ380 ወደ 75 ወረደ፤ 80 በመቶ ቅናሽ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዕቃውን በኪሳራ ለመሸጥ ይነሳል። በ2016 ግን ከ410 ወደ 80 ወርዶ ነበር፤ ያም 80 በመቶ ነው። ውድቀቱ የበዓል ማግስት ጠባይ ነው፣ ማንም አልሸሸም። በ2017 ሽያጩ ወደ 40 ፍሬ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ቅናሹ 90 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር፤ ያኔ አጎራባች ሱቅ ዋጋ ሰብሮ እንደሆነ፣ የልጆች ልክ አልቆ እንደሆነ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሳምንት ለውጥ ትርጉም የሚኖረው አምና በዚያው ቦታ ላይ ከነበረው የሳምንት ለውጥ ጎን ሲቀመጥ ነው። በሳምንታዊ ለውጥ ብቻ ለሻጮቻቸው ጉርሻ የሚቆርጡ ባለመደብሮች የሚከፍሉት ለአረፋ እንጂ ለሻጩ አይደለም።

እስካሁን የቆጠርነው በፍሬ ነው። በብር ቆጥረን ቢሆን ሌላ ተረት ይወጣ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ልብስም ዋጋው አብሮ ተነስቷል። የአንድ ፍሬ አማካይ ዋጋ በ2016 አረፋ 600 ብር፣ በ2017 አረፋ 800 ብር ነበር ብንል፣ 830 ፍሬ 498,000 ብር፣ 770 ፍሬ ደግሞ 616,000 ብር ያወጣል። በብር 24 በመቶ ዕድገት፣ በፍሬ 7 በመቶ ውድቀት። ብሩ ለኪራይና ለግብር ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ደንበኛ መጥቶ እንደሆነ ወይም ቀርቶ እንደሆነ የሚነግረን ግን ፍሬው ነው። ዕቃው በጣም የተለያየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካልሲና ካፖርት በአንድ ሱቅ ከተሸጠ፣ በየዓይነቱ ለይቶ መቁጠር ያሻል፤ አለዚያ ካልሲ በብዛት የተሸጠበት ሳምንት ጥሩ ሳምንት ይመስላል።

ከበዓል ይልቅ የሚከብደው ቡና ነው። በዓል ቀኑ ቀድሞ ይታወቃል፤ የቡና ገንዘብ ግን በዝናቡና በፍሬው መቅላት ይወሰናል። በጎማ፣ በማና ወይም በሊሙ ኮሳ የእሸት ቡና ለቀማ አንዱ ዓመት ቀድሞ፣ ሌላው ዓመት ዘግይቶ ይጀምራል፤ ደረቁ ጀንፈል ደግሞ ከዚያ በኋላ ቆይቶ ይሸጣል። ስለዚህ ኅዳር 15ን ከአምናው ኅዳር 16 ጋር ማስተያየት፣ ሐሙስ ከሐሙስ ቢገጥም እንኳ፣ ለቀማው የደረሰበትን ሳምንት ገና ካልደረሰበት ጋር ማስተያየት ሊሆን ይችላል። እዚህ መነሻው መሆን ያለበት ደንበኞቻችን የሚመጡበት ወረዳ እሸት መግዛት የጀመረበት ሳምንት ነው። ያንን ሳምንት «አንድ» ብሎ በየዓመቱ ደብተር ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ስድስተኛውን ሳምንት ከስድስተኛው፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሳምንታት ድምር ከአሥሩ ድምር ጋር ማወዳደር። ምልክቱ በጊዜው ካልተጻፈ በኋላ በትዝታ ማስተካከል አይቻልም፤ ሁሉም ሰው የከፋውን ዓመት ዘገየ ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

ሳምንቱ ከተስተካከለም በኋላ አንድ ወጥመድ ይቀራል። የቡና ዛፍ በአንዱ ዓመት ብዙ ካፈራ ኃይሉን ለፍሬው ስለሚያውል አዲስ ቅርንጫፍ እምብዛም አያበቅል፤ የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ የሚይዘው ደግሞ ያ አዲስ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ የበዛበት ዓመት ብዙውን ጊዜ በሳሳ ዓመት ይከተላል። አምና የሳሳ ዓመት ከነበረ ዘንድሮ ማንም ነጋዴ ጎበዝ ይመስላል፤ አምና የበዛበት ከነበረ ሁሉም ሰነፍ ይባላል። በምሳሌ ካቻምና በቡናው ወቅት 3,000 ፍሬ፣ አምና 2,100፣ ዘንድሮ 2,600 የሸጠ መደብር ከአምናው ጋር ሲወዳደር 24 በመቶ አድጓል። ከአምናና ከካቻምና አማካይ፣ ማለትም ከ2,550 ጋር ሲወዳደር ግን ያደገው 2 በመቶ ብቻ ነው። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። የአንድ ዓመት መነሻ ለአረፋ ይበቃ ይሆናል፤ ለቡና ገንዘብ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ አንዱ የበዛበት አንዱ የሳሳ፣ ሊኖር ይገባል። ይህም ቢሆን ገደብ አለው፤ የቡና ዋጋ በጣም በተሰቀለበት ዓመት የሳሳ ምርት እንኳ ብዙ ብር ወደ ገጠሩ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ከሽያጩ ጎን የእሸቱን የኪሎ ዋጋ መጻፍ አይጎዳም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አምስት ዓምድ ነው፦ ቀን፣ የሳምንቱ ቀን፣ የተሸጠ ፍሬ፣ ብር፣ እና ማስታወሻ። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። «ዕቃ አልቆ ነበር» የሚል ሦስት ቃል ከሌለ፣ መደርደሪያው ባዶ ስለነበር 90 ፍሬ ብቻ የተሸጠበት ሳምንት በቀጣዩ ዓመት እንደ እውነተኛ የገበያ ልክ ይቆጠራል፤ ዘንድሮ 150 ሲሸጥም የሌለ ዕድገት ይታያል። እንዲህ ያለውን ሳምንት ከመነሻው ማውጣትና በቦታው በግራና በቀኙ ያሉትን ተራ ሳምንታት አማካይ ማስገባት ይቻላል። የበዓል ሳምንትን ግን በዚህ መንገድ መሙላት አይገባም፤ የአረፋ ሳምንት የጠፋበት ዓመት ለአረፋ መነሻ አይሆንም፣ ካቻምናን መጠቀም ነው።

ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ሱቅ አምና የለውም። እሱ ማድረግ የሚችለው በዚያው መንገድ ላይ የቆየና ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ ቁጥሩን ሳይሆን ድርሻውን እንዲነግረው መጠየቅ ነው፦ የአረፋ ሳምንት ከተራ ሳምንት ስንት እጥፍ እንደሚሆን፣ በማግስቱ ምን ያህል እንደሚወርድ። ሽያጩን ለመናገር የማይደፍር ነጋዴም «ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል» ለማለት አያመነታም።